ተሰናባች ጠበቃ ለተተኪው የሚተወው ማስታወሻ፦ በዶርዜ የውርስ መሬት ክርክር መነሻነት

የጥብቅና ድርጅት በፌዴራል ደረጃ ሕጋዊ መሠረት ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ከዚያ በፊት ጠበቃ በአብዛኛው በግሉ ይሠራ ስለነበር ክሱን የጻፈው፣ ቀጠሮ የሚቀርበውና ይግባኝ የሚለው ብዙውን ጊዜ ያው አንድ ሰው ነበር። ጠበቆች በጋራ መሥራት ሲጀምሩ ግን ክርክሩ ገና በመካከል ላይ እያለ ተባባሪ ጠበቃ ቢሮውን ሊለቅ፣ መዝገቡም ወደ ሌላ እጅ ሊተላለፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚጻፈው የርክክብ ማስታወሻ በልማድ የሰነድ ዝርዝር ነው፦ የክስ አቤቱታ ታይቷል፣ የመሬት ደብተር ኮፒ ታይቷል፣ የሽማግሌዎች ውል ታይቷል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ሰነዱ መኖሩን ይነግራል እንጂ ሰነዱ በየትኛው ጭብጥ እንደሚጠቅም፣ በየትኛው ደግሞ እንደሚጎዳ አይነግርም። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ማስታወሻው በሰነድ ሳይሆን በጭብጥ መደራጀት አለበት የሚል ነው። ምክንያቱን ለማሳየት የዶርዜን የውርስ መሬት ክርክር መርጫለሁ።

ዶርዜ ለዚህ የሚመች ምሳሌ የሚሆነው በኑሮው ጠባይ ነው። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በጨንቻ ደጋ ላይ የሚገኘው ይህ ማኅበረሰብ በሽመና ይታወቃል። ብዙ ሸማኔዎቹ ከትውልድ ቀያቸው ርቀው፣ በተለይም በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና አካባቢው ይኖራሉ። እንሰቱና የቀርከሃ አጥር ያለው መሬት ግን ደጋው ላይ ነው፤ የሚጠብቀውም እዚያ የቀረው ወንድም ነው። አባት ሲሞት ክርክሩ የሚነሣው በሁለቱ መካከል ነው።

የሚከተለው መዝገብ ለትንተና ሲባል የተቀናበረ ነው። ከሳሹ አዲስ አበባ የሚኖር ሸማኔ ሲሆን የቢሮው ደንበኛ ነው። ተከሳሹ መሬቱን የያዘው ወንድሙ ነው። አባታቸው በ2012 ዓ.ም. ሞቱ። በመስከረም 2013 ለመስቀል በዓል ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ሽማግሌዎች ወንድማማቾቹን አነጋግረው፣ ተከሳሹ መሬቱን ይዞ እንደቆየና ለወንድሙ እኩል ሊያካፍል እንደተስማማ የሚገልጽ ወረቀት አጻፉ። ማካፈሉ ሳይፈጸም ቀረ። ክሱ በወረዳው ፍርድ ቤት የተከፈተው በኅዳር 2016 ነው። ተባባሪ ጠበቃው ቢሮውን የሚለቀው በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲሆን ምስክር የሚሰማው ለጥቅምት 2017 ተቀጥሯል።

የመጀመሪያው ጭብጥ ከሳሹ የገጠር መሬት ሊወርስ ይችላል ወይ የሚለው ነው። አባት የሞቱት በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ሳይሆን በአዋጅ ቁጥር 456/1997 ዘመን ነው። ይህ የቀደመው አዋጅ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን በውርስ የሚያስተላልፈው ለቤተሰቡ አባል እንደሆነ ይደነግጋል። የቤተሰብ አባል ማለትም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው ነው። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ከሳሹ ለአባቱ በየጊዜው ገንዘብ ይልክ እንደነበር የሚያሳዩ የባንክ ደረሰኞች፣ በየመስቀሉ መጥቶ መሬቱን ያለማ እንደነበር የሚያስረዱ ምስክሮች እዚህ ላይ ይፈለጋሉ። በአንጻሩ የአዲስ አበባ የነዋሪነት መታወቂያው ይህንኑ ጭብጥ ይጎዳል። ሰነዱ በቢሮው ፋይል ውስጥ የተቀመጠው ለውክልና ሲባል ስለሆነ በተለመደው ዝርዝር ላይ «መታወቂያ፣ ታይቷል» ከመባል አያልፍም። በጭብጥ የተደራጀ ማስታወሻ ግን ከደረሰኞቹ ጎን ያስቀምጠዋል፤ ተተኪው ጠበቃም ተከሳሹ ይህን ነጥብ ሲያነሣ አይደናገጥም።

በዚሁ ጭብጥ ሥር የ2009 ዓ.ም. ቀን ያለበት፣ አባት ባለይዞታ እንደነበሩና ከሳሹም አብሯቸው ይኖር እንደነበር የሚገልጽ፣ ደንበኛው ያመጣው የቀበሌ ደብዳቤ አለ። ማኅተሙ ላይ «ጋሞ ዞን» ተብሎ ተጽፏል። ጋሞ ዞን ግን ራሱን ችሎ የቆመው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት አካባቢው ጋሞ ጎፋ ዞን፣ እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ሰሜን ኦሞ ዞን ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ወይ ኋላ ላይ እንደገና የተጻፈ ነው፣ ወይም ቀኑ ወደ ኋላ የተደረገ ነው። በክልሉም በኩል ከነሐሴ 2015 በፊት «ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል» የሚል ማኅተም ሊኖር አይችልም። በዚህ አካባቢ ሰነድ የሚመረምር ጠበቃ ከጽሑፉ በፊት ማኅተሙን ማንበብ አለበት። ማስታወሻው «የቀበሌ ደብዳቤ፣ ታይቷል» ሳይሆን እንዲህ ማለት ይኖርበታል፦ «በ2009 ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተሙ ግን ከ2011 በኋላ የሆነ ደብዳቤ። ደንበኛው ከማን እንደተቀበለው አልተጠየቀም። ይህ ሳይጣራ ለፍርድ ቤት አይቅረብ።»

ትልቁ ነገር ያለው በሽማግሌዎቹ ወረቀት ላይ ነው። በሁለተኛው ጭብጥ፣ ማለትም በወንድማማቾቹ መካከል አስገዳጅ ስምምነት አለ ወይ በሚለው፣ ወረቀቱ የከሳሹ ዋና ማስረጃ ነው። ግልግል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ የሚገዛ ውል ነው፤ በሚገባ ከተደረገም በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። ነገር ግን ተከሳሹ ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የጣት አሻራው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ደግሞ ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ስምምነቱ በማኅበረሰቡ መሰብሰቢያ በዱቡሻ፣ በሽማግሌዎችና በጎረቤት ፊት የተደረገ መሆኑ በባህሉ ክብደት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ለባህላዊ ሕግ ቦታ የሚሰጠው ግን በግልና በቤተሰብ ጉዳዮች ላይ ስለሆነ የመሬት ስምምነት የጎደለውን ማረጋገጫ በዚህ መንገድ ይሞላል ማለት አዳጋች ነው።

አሁን ይኸው ወረቀት በሦስተኛው ጭብጥ፣ በይርጋ፣ ምን እንደሚያደርግ እንይ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት የወራሽነት ክስ የሚቀርበው ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ድንጋጌው በወንድማማቾች መካከል ባለ የገጠር መሬት ክርክር ይሠራል አይሠራም የሚለው ራሱ ሊያከራክር ይችላል። ይሠራል ከተባለ ግን የሽማግሌዎቹ ወረቀት ከሳሹ የወንድሙን ይዞታ በመስከረም 2013 እንዳወቀ ያሳያል፤ ሦስቱ ዓመት በመስከረም 2016 ያበቃል፤ ክሱ የቀረበው በኅዳር ነው። ከሳሹ ስምምነት ለማስረዳት ያያዘው ወረቀት ዘግይቶ እንደከሰሰ ያስረዳበታል።

መውጫ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ወረቀቱ ተከሳሹ የወንድሙን መብት አምኖ መቀበሉን ስለሚያሳይ በቁጥር 1851 ይርጋውን አቋርጦታል፣ ዘመኑም ከዚያ ወዲህ እንደ አዲስ ይቆጠራል ብሎ መከራከር ይቻላል። ችግሩ የመቋረጡ ቀንና የማወቂያው ቀን አንድ ስለሆኑ አዲሱም ሦስት ዓመት በመስከረም 2016 ማለቁ ነው። ሌላው ክርክር ተከሳሹ ከዚያ በኋላም፣ ለምሳሌ በቀጣዮቹ መስቀሎች ከምርቱ ድርሻ በመስጠት፣ መብቱን ማመኑን ቀጥሏል የሚል ነው። ይህን የሚያውቀው ደንበኛው ነው፤ ከዚህ በፊት ግን አልተጠየቀም። እንግዲህ ማስታወሻው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያሳስበው የሚገባው ይህንን ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው በአንድ የሥነ ሥርዓት ነጥብ ምክንያት ነው። ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አነሣሽነት አያነሣም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1856 ይህን ይከለክላል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረትም ይርጋ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው፤ በጊዜው ያላነሣው ወገን እንደተወው ይቆጠራል። በምሳሌያችን ተከሳሹ መልሱን ያቀረበው ያለ ጠበቃ ሲሆን ይርጋን አላነሣም። ስለዚህ ማስታወሻው «መልሱን ሙሉ በሙሉ አንብቤዋለሁ፤ የይርጋ መቃወሚያ የለበትም» ማለት አለበት። ቀጥሎም ተከሳሹ ጠበቃ ቢያቆምና መልሱን ላሻሽል ቢል የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ እንዲሆን ማሳሰብ አለበት። «መልስ፣ ታይቷል» የሚለው አጭር ቃል ተተኪውን ይህን ጥቅም ያሳጣዋል። መልሱን አገላብጦ ያየ ሰውና ቃል በቃል ያነበበ ሰው በማስታወሻው ላይ ተለይተው መታወቅ ያለባቸውም ለዚህ ነው።

ያልተቋጩት ጉዳዮች ሦስት ናቸው፤ እኩል ክብደት ግን የላቸውም። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የመዝገቡን ቅጂ እንዲልክ ታዞ መልስ አልመጣም። ይህ በትዕዛዙ ቀንና ቁጥር ከተመዘገበ ተተኪው ተከታትሎ ያስፈጽመዋል። ደብተሩ በመጀመሪያው ዙር የተሰጠ ከሆነ አዋሳኞችን በስም እንጂ መሬቱን በካርታ ስለማያሳይ የመዝገቡ ቅጂ ሲመጣ ድንበሩን ከምስክሮች ቃል ጋር ማስተያየት ይቀራል።

የምስክሮቹ ነገር ግን የመስቀል በዓልና የፍርድ ቤቱ ዕረፍት ስለሚገጣጠሙ ከባድ ነው። ዋናው ምስክር ወረቀቱን የጻፈው ሰው ሲሆን እሱም አዲስ አበባ የሚኖር ሸማኔ ነው። ዶርዜ የሚመጣው ለመስቀል ነው። ፍርድ ቤቱ ደግሞ በክረምቱ ዕረፍት እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ መደበኛ ችሎት አያስችልም። ምስክሩ አገር ቤት ሲሆን ችሎቱ ዝግ ነው፤ ችሎቱ ሲከፈት ምስክሩ ወደ ሸማው ተመልሷል። ተተኪው ይህን ካላወቀ መጥሪያውን ወደ ዶርዜ ልኮ በጥቅምት ቀጠሮ ባዶ እጁን ይቆማል። ማስታወሻው የምስክሩን የአዲስ አበባ አድራሻ፣ በመስቀል ሰሞን ደንበኛው እንዲያገኘውና ለቀጠሮው እንዲቆይ እንዲጠይቀው፣ ይህ ካልሆነም መጥሪያው አስቀድሞ አዲስ አበባ እንዲደርሰው ማሳሰቢያ መያዝ አለበት። ሌሎቹ ምስክሮች ቃላቸውን ለጠበቃው የሰጡት በዶርዝኛ ከሆነ ማን እንዳስተረጎመም ይጻፍ፤ ደንበኛው ራሱ ያስተረጎመው ቃል በችሎት በሌላ አስተርጓሚ ሲነገር ሊለወጥ ይችላል።

ሦስተኛው ውክልና ነው። ውክልናው ለተሰናባቹ ጠበቃ በስሙ የተሰጠ ከሆነና ሌላ የመተካት ሥልጣን ካልያዘ ተተኪው በችሎት ሊቆም አይችልም። ከሳሹ በቀጠሮው ካልቀረበ ክሱ ሊሰረዝ ይችላል፤ ለማስነሣት ያለው ጊዜም አንድ ወር ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደገና ለማስታረቅ ቢጠይቁም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ለግልግል ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ሁለቱንም የያዘ አዲስ ውክልና ተሰናባቹ ከመሄዱ በፊት ይፈረም።

ማስታወሻው የደንበኛውን ድክመት ስለሚይዝ ከቢሮው ፋይል አይወጣም፤ ለፍርድ ቤት በሚቀርብ ሰነድ መካከልም አይታሰር። በጋሞ ዞንም ሆነ በሌላ ቦታ በጋራ የሚሠሩ ጠበቆች የርክክብ ማስታወሻ ቅጻቸውን «የታየ ሰነድ» ከሚለው ዓምድ ወደ «ጭብጥ» እንዲቀይሩ፣ በየጭብጡም ሥር የሚጠቅመውንና የሚጎዳውን ሰነድ፣ ያልተቋጨውን ጉዳይና የመጨረሻ ቀኑን አንድ ላይ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ።