መልሱ ሳይደበቅ የሚደበቅበት ጥበብ

እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 1980 የተላለፈው የ«ዳላስ» ተከታታይ ድራማ ክፍል ያበቃው፣ የነዳጅ ከበርቴው ጄ.አር. ዩዊንግ በቢሮው ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ ነበር። ተኳሹ አልታየም። የሚስቱ እህት ክሪስቲን መሆኗ የተገለጸው ከስምንት ወራት በኋላ፣ ኖቬምበር 21 ቀን ነው። በዚያ ምሽት በአሜሪካ ብቻ ከ80 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ መልሱን ለማወቅ ተቀምጧል።

ይሁን እንጂ የተመልካቹ ሥራ ግምት እንጂ ምርመራ አልነበረም። አዘጋጆቹ በኋላ እንደተናገሩት፣ ጥይቱ ሲተኮስ ተኳሹ ማን እንደሚሆን ገና አልወሰኑም ነበር። ምስጢሩ እንዳይወጣም የተለያዩ ተዋንያን ሲተኩሱ ቀርጸዋል። ጠላቱ የበዛ ሰው ሲመታ ሁሉም ይጠረጠራል፤ አንዱን ከሌሎቹ የሚለይ ፍንጭ መትከል የሚችለው ግን መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ደራሲ ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት ሕግ አድርገው የጻፉት የ1920ዎቹ የወንጀል ልቦለድ ደራስያን ናቸው። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 ካወጣቸው አሥር ደንቦች አንዱ፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢው እንዲያሳይ ያዝዛል። ደራሲው መደበቅ የሚፈቀድለት የፍንጩን ትርጉም ነው።

አጋታ ክሪስቲ በ1926 ባሳተመችው የሮጀር አክሮይድ ግድያ ታሪክ ይህ እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ ይታያል። ተራኪው ሐኪም ሼፐርድ፣ ደብዳቤው ለአክሮይድ የመጣው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ እንደሆነ፣ እርሱ ክፍሉን ለቆ የወጣው ደግሞ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደሆነ ይነግረናል። ሁለቱም ሰዓቶች እውነት ናቸው፤ በመካከላቸው ስለሆነው ነገር ግን ምንም አይልም። አንባቢው ሐኪሙን እንደ ምስክር ስለሚያምነው ክፍተቱን ሳይቆጥር ያልፋል። ግድያው የተፈጸመው በዚያ ክፍተት ነው፤ ገዳዩም ተራኪው ራሱ ነው።

ዘዴው ከቅኔ ጋር ይመሳሰላል፦ ሰሙ ሙሉ ሆኖ ስለሚሰማ ወርቁን የሚፈልግ ጥቂት ነው። ልዩነቱ፣ ቅኔ ሁለቱን ትርጉሞች አብሮ ሲያኖር፣ የወንጀል ልቦለድ መጨረሻ ላይ ሰሙን ማፍረሱ ነው።

በክሪስቲ ላይ የተነሣው ክርክር ግን አልተዘጋም። የኖክስ የመጀመሪያ ደንብ፣ አንባቢው ሐሳቡን እንዲከታተል የተፈቀደለት ሰው ወንጀለኛ እንዳይሆን ይከለክላል። ሼፐርድ በዚህ መለኪያ ይወድቃል። ተከላካዮቹ ግን ሌላ መለኪያ ያቀርባሉ፦ መጽሐፉን ዳግም ማንበብ። መልሱ ከታወቀ በኋላ የሐኪሙ ዐረፍተ ነገር ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ደራሲዋ አታልላለች፤ እውነት እንደሆነ ቆይቶ ትርጉሙ ብቻ ከተለወጠ ጨዋታው ቀና ነበር። አሥሩ ደቂቃ ይህን ፈተና ያልፋል፤ የማርቹ ጥይት ግን ለዚህ ፈተና እንኳ አይቀርብም።