የስህተት ህዳግ፦ የጥናት መቶኛ ስለ ሕዝቡ ምን ያህል ይናገራል?

ስለ ጤና በሚወጡ ዘገባዎች ውስጥ «30 በመቶ፣ የስህተት ህዳጉ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 4.5» የሚል አገላለጽ አጋጥሞዎት ይሆናል። «ስህተት» የሚለው ቃል አጥኚዎቹ አንድ ነገር ያበላሹ ያስመስላል እንጂ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሕዝቡን ሁሉ መመርመር ስለማይቻል የሚመረመሩት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ናሙና ይባላሉ። በዕጣ የሚወጡት ሰዎች በሌሎች ቢተኩ ኖሮ ውጤቱ በመጠኑ ይለይ ነበር። የስህተት ህዳግ የሚለካው ይህን የዕጣ ልዩነት ነው።

በምሳሌ እንየው። በአንድ ከተማ በዕጣ የተመረጡ 400 አዋቂዎች የደም ግፊታቸው ተለካ እንበል። ከእነሱ መካከል 120ዎቹ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኘባቸው፤ ይህ 30 በመቶ ነው። ለዚህ ናሙና ህዳጉ 4.5 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የከተማው እውነተኛ ቁጥር ከ25.5 እስከ 34.5 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ እንደሚገኝ ይገመታል። 30 የተሻለው ግምት ቢሆንም 28 ወይም 33 ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

ክልሉ ግን ፍጹም ዋስትና አይሰጥም። ብዙውን ጊዜ ከህዳጉ ጎን «በ95 በመቶ የመተማመን ደረጃ» የሚል ይጻፋል። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ተመሳሳይ ጥናት በአዲስ ናሙና 100 ጊዜ ቢካሄድ፣ ከሚገኙት 100 ክልሎች 95 ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር ይይዛሉ፣ 5 ያህሉ ይስቱታል። በእጅዎ ያለው ክልል ከየትኞቹ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ህዳጉ ካልተጻፈ ራስዎ በግምት ሊያገኙት ይችላሉ። በራሱ ሲባዛ የናሙናውን ብዛት የሚሰጠውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ለ400 ሰዎች 20 ነው። 100ን ለ20 ሲያካፍሉ 5 ያገኛሉ። ይህ ከትክክለኛው ህዳግ ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። በዚሁ ስሌት ለ1,600 ሰዎች 2.5 ይሆናል፤ ህዳጉን በግማሽ ለማጥበብ አራት እጥፍ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። የከተማው ሕዝብ ብዛት ግን እምብዛም ለውጥ አያመጣም። ወጥ ሲቀመስ በደንብ የተማሰለ ከሆነ ድስቱ ትልቅም ሆነ ትንሽ አንድ ጭልፋ እንደሚበቃው ነው።

ሁለት ጥናቶች ሲነጻጸሩ

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ውስጥ የቀነጨሩት በ2011 እ.ኤ.አ. 44 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 38 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2019 የተካሄደው አነስተኛ ጥናት 37 በመቶ አገኘ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥናቶች መካከል ያለው የ6 ነጥብ ልዩነት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ስለተለኩ፣ በዕጣ ብቻ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከ38 ወደ 37 ግን ሌላ ነው። አንድ ነጥብ በህዳጉ ውስጥ የሚዋጥ ልዩነት ስለሆነ መቀንጨር ቀንሷል ለማለትም፣ አልቀነሰም ለማለትም አያስችልም። «በአንድ በመቶ ቀነሰ» የሚል ርዕስ ካነበቡ ይህን ያስታውሱ።

በዚህ ዓይነት ጥናት ሌላም ነገር አለ። ቤተሰቦቹ የሚመረጡት ከመላ አገሪቱ አንድ በአንድ ሳይሆን ቀድሞ ከተመረጡ ሰፈሮችና ቀበሌዎች ነው፤ በ2016 ከ645 የቆጠራ ቦታዎች ተመርጠዋል። ጎረቤታሞች በአመጋገብም በውኃም ስለሚመሳሰሉ፣ ከአንድ ቀበሌ የመጡ 28 ቤተሰቦች ከ28 የተለያዩ ቦታዎች የመጡትን ያህል አዲስ መረጃ አይሰጡም። ስለዚህ እውነተኛው ህዳግ ከላይ ካየነው ቀላል ስሌት ይሰፋል።

ህዳጉ የማያሳየው

ከ400ዎቹ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት 40 ብቻ ናቸው እንበል። ዘገባው «ከአረጋውያኑ ግማሾቹ ግፊት አለባቸው» ቢል የ4.5ቱ ህዳግ ለእነሱ አይሠራም፤ ለ40 ሰዎች ህዳጉ 15 ነጥብ ያህል ነው፣ እውነተኛው ከ35 እስከ 65 በመቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ዘገባዎች ለጠቅላላው የተሰላውን ህዳግ ብቻ ጽፈው ያልፋሉ፤ ይህ አሳሳች ልማድ ነው።

የአለካክ ጉድለትም በህዳጉ ውስጥ አይቆጠርም። የመለኪያው መጠቅለያ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ከሆነ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ጠያቂዎቹ ቤት የሄዱት በሥራ ሰዓት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሠራተኞቹ ከናሙናው ይጎድላሉ። እንዲህ ያለውን መዛባት 10,000 ሰው መጨመርም አያስተካክለውም። ስለዚህ ከህዳጉ ጋር ሰዎቹ እንዴት እንደተመረጡና ልኬቱ ስንት ጊዜ እንደተወሰደ የሚናገረውን ክፍል ይፈልጉ።

የእርስዎን ግፊት በተመለከተ፣ 30 በመቶው የከተማው ቁጥር እንጂ የእርስዎ ውጤት አይደለም። እሱ የሚታወቀው በራስዎ ክንድ ላይ፣ በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ ሲለካ ነው።