«ውጤት» ወይስ «ርክብ»?

ለአማካሪ ቅጥር በሚዘጋጅ ቢጋር ላይ «ዴሊቨረብል»ን «ውጤት» እያሉ መተርጎም ተለምዷል። ውጤት ግን ከሥራው በኋላ የሚመጣ ለውጥ እንጂ አማካሪው በእጁ ይዞ የሚመጣው ነገር አይደለም። «የሚጠበቅ ውጤት፦ የተሻሻለ የውኃ አስተዳደር» ቢባል ማን ፈርሞ ይረከበዋል? አማካሪው ሪፖርቱን አቅርቦ ክፍያ ሲጠይቅ አሠሪው «አስተዳደሩ የታል የተሻሻለው?» ይላል፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ይጀምራል። እኔ «ርክብ» ብንለው እመርጣለሁ። ግእዙ «ረከበ» ማግኘት ነው፤ አማርኛችን ግን መረከብና ማስረከብ ብሎ የሁለት ወገን ጉዳይ አድርጎታል፤ ሰጪ አለ፣ አይቶ የሚቀበል አለ። (በሞዴል 19 ዕቃ ገቢ ያደረገ ንብረት ክፍል ይህን አያጣውም። «ርክክብ» ድርጊቱ ነው፤ ርክብ ዕቃው።) ቃሉ ራሱ ጸሐፊውን ቁርጡን እንዲናገር ያስገድደዋል፦ «ርክብ 2፦ በሦስት ቀበሌዎች ያሉ 24 የውኃ ቦኖዎችን ይዞታ የሚያሳይ ረቂቅ ሪፖርት፣ በ45 ቀናት ውስጥ፤ አሠሪው በ10 የሥራ ቀናት አስተያየቱን በጽሑፍ ይሰጣል።» 45ቱ ቀን ከውሉ ፊርማ ይቆጠር ወይስ ከቅድመ ክፍያው፣ በዓላትና እሑድ ይገቡ እንደሆነ ካልተጻፈ ግን ርክብም ከጭቅጭቅ አያድንም።