«የጭነት ስክሪን» ምን ጭኖ?

ሰሞኑን በአንድ የጌም ትርጉም ረቂቅ ላይ «የጭነት ስክሪን የኋላ ታሪክ» የሚል ሐረግ አየሁ። ጭነት ሲባል ለአማርኛ ጆሮ ቶሎ የሚመጣው አይሱዙና ሸራ ነው። «የኋላ»ም ቢሆን ያለፈውን ይሁን የሚመጣውን አይለይም፤ «የኋላ ኋላ» ስንል መጨረሻውን ማለታችን አይደል?

ነገሩን ጌም የሚጫወት ሁሉ ያውቀዋል። ቀጣዩ ምዕራፍ ከዲስክ ወደ ሜሞሪ እስኪገባ ስክሪኑ ላይ አንድ ሁለት መስመር ይወጣል፤ የባላንጣው ያለፈ ሕይወት በዚያች መስመር ጥቂት በጥቂት ይገለጣል።

«የጥበቃ ገጽ» ቢባል ዘበኛ ያስመስለዋል። «ቆይታ» ይሻል ነበር፤ ግን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለቃለ መጠይቅ ወስደውታል። እኔ የምመርጠው «ፋታ»ን ነው፤ ከውጊያ ወጥቶ ወደ ውጊያ የሚገባ ተጫዋች የሚያገኘው እሱኑ ነውና። ገጹ «የፋታ ገጽ»፣ ጽሑፉ «የፋታ ቅንጫቢ» ይባል። ቅንጫቢ «ቀነጨበ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ከትልቁ ላይ ትንሽ ቆረስ ማድረግ።

ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው የቅንጫቢዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ፍራንክፈርት የሚገኘው ክራይቴክ «ሀንት፦ ሾውዳውን» በተባለው ጌሙ የአውሬዎቹን ታሪክ ያኖረው በጨዋታው ውስጥ ባለ መጽሐፍ ነው፤ ተጫዋቹ እያደነ ሲሄድ አዲስ ጽሑፍ ይከፈትለታል። ቅደም ተከተሉን የሚጠብቀው ራሱ አደኑ ነው። የፋታ ገጽ ግን እንዲህ ያለ በር ስለሌለው ቅንጫቢዎቹ በዕጣ ከወጡ አምስተኛው ከመጀመሪያው ይቀድምና ምስጢሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቅንጫቢ የምዕራፍ ቁጥር ሰጥቶ ካልተነበቡት ዝቅተኛውን ማውጣት ነው። በፈጣን ኤስኤስዲ ላይ ደግሞ ገጹ ሳይነበብ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ቁልፍ እስኪነካ ገጹ መቆየት አለበት።

የባላንጣውን ያለፈ ሕይወት ጥቂት በጥቂት ለመግለጥ አማርኛ እንግሊዝኛ የሌለው መሣሪያ አለው። ሦስት ቅንጫቢ እንበል፦

«ከተማዋን አቃጥለው በር ላይ ቆመው ያያሉ።»

«እሳት ይፈሩ ነበር ይባላል።»

«ቤታቸው ሲቃጠል ሰባት ዓመቱ ነበር።»

በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች አንቱታው ሴት ይሁኑ ወንድ ይደብቃል። በሦስተኛው «ዓመታቸው» ቀርቶ «ዓመቱ» ሲሆን አንቱታው ይወድቃል፤ የምንፈራቸው ሰው አንድ ቀን ልጅ እንደነበረ የነገረን ከመረጃው ይልቅ ያ አንድ ቅጥያ ነው። ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ላይ «እሱ»ን እየገለበጠ ከመጀመሪያው ቢጽፍ ግን ይህ ሁሉ ይባክናል።

የጌም ጽሑፍ የምትተረጉሙ ሆይ፣ ባላንጣውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠሩት አንተ ይሁን አንቱ ቀድማችሁ ወስኑ፤ «ጭነት»ን ደግሞ ለመኪናው ተዉለት።