በደረጃ የሚገለጥ የሕመምተኛ ታሪክ ውይይት

በደረጃ የሚገለጥ የሕመምተኛ ታሪክ ውይይት የነርሲንግ ተማሪዎች ክሊኒካዊ አመዛዘን የሚለማመዱበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው። አስተማሪው የአንድን ሕመምተኛ ሁኔታ በሙሉ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በየወረቀቱ ከፋፍሎ ያቀርባል። ተማሪዎቹም ቀጣዩን ወረቀት ከማየታቸው በፊት ምን እንደጠረጠሩና ምን እንደሚያደርጉ ይወስናሉ። ዘዴው በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ1969 ከተጀመረው ችግር ተኮር የሕክምና ትምህርት ጋር ይቀራረባል። መረጃን እንደ ጥያቄው ቅደም ተከተል እየገለጡ ማስተማርን ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ጀሮም ካሲረር በ1983 ጽፎበታል (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)።

ታሪኩ ከአካባቢው ሲወጣ ውይይቱ ይሠምራል። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ለዚህ ይመቻሉ፤ ደጋው ብርድ ነው፣ የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች ግን ቆላ ናቸው። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው የት ሰንብቶ እንደመጣ መጠየቅ ግድ ይላል። የሚከተለው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት አጭር ነው። ወሩ ነሐሴ ነው፤ የ24 ዓመት ወጣት ሦስት ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ይዞት በወንድሞቹ ተደግፎ መሐል ሜዳ ደረሰ። ተማሪዎቹ ሦስት ደቂቃ ያህል ለየብቻቸው ይጽፋሉ። ጽሑፉ የሚያስፈልገው አለበለዚያ ሁሉም ጎበዝ የተባለውን ተማሪ ስለሚጠብቁ ነው። ሲናገሩም ዝምተኞቹ ቢቀድሙ ይሻላል።

ሁለተኛው ወረቀት የሚገለጠው ለጠየቀ ብቻ ነው። ወጣቱ በጀማ ሸለቆ በቀን ሥራ ሰንብቶ ከተመለሰ ስምንት ቀኑ ነው፤ እዚያም ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ያድር ነበር። ማንም «የት ነበርክ?» ብሎ ካልጠየቀ አስተማሪው ወረቀቱን ይዞ ይቆያል። ከዚያ የምርመራው ውጤት ይሰጣል፦ ሙቀት 39.9፣ የልብ ምት 120፣ የደም ግፊት 100/60፤ ነስሮታል፣ ዓይኑ ቢጫ ብሏል፣ ከግራ ጎድኑ ሥር ሲነካ ያመዋል፤ በልብሱ ስፌት ውስጥ ቅማል አለ። እዚህ ላይ ወባ፣ ታይፈስና በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት፣ በሕዝቡ አጠራር ግርሻ፣ ሁሉም ይቻላሉ። «ወባ ነው» ብሎ የጨረሰ ተማሪ ቅማሉን በምን እንደሚያስረዳ ይጠየቃል።

በሦስተኛው ወረቀት ፈጣኑ የወባ ምርመራ ምንም አላሳየም፤ በማይክሮስኮፕ በታየው ደም ግን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ተገኝቷል። ግርሻ ነው። ብዙ ውይይቶች እዚህ ያበቃሉ፤ ለነርስ ግን ከባዱ ክፍል ገና መጀመሩ ነው።

አራተኛው ወረቀት የፔኒሲሊን መርፌ ትእዛዝ ነው፤ ጥያቄውም «ከመውጋትህ በፊት ምን ታዘጋጃለህ?» የሚል ነው። የሚጠበቀው መልስ የደም ሥር መስመር መክፈት፣ ግሉኮስ ወይም ሳላይን ማቅረብ፣ መነሻ ልኬቶችን መመዝገብ፣ የአለርጂ ታሪክ መጠየቅና ለቤተሰቡ ሊመጣ የሚችለውን መንገር ነው። ምክንያቱ በአምስተኛው ወረቀት ይታያል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሕመምተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀቱ 41 ይደርሳል፤ ከዚያ ያልበዋል፣ ግፊቱም ወደ 80/45 ይወርዳል። ወንድሞቹ «መርፌው ገደለው» ይላሉ።

ብዙ ተማሪ የፔኒሲሊን አለርጂ ነው ይላል። አስተማሪው መልሱን አይነግርም፤ ጊዜውን እንዲያዩ ይመራቸዋል። ከመርፌ በኋላ የሚመጣ ከባድ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል፤ ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ሲርሲርታም ሊኖረው ይችላል። ይህኛው ግን ባክቴሪያዎቹ ሲሞቱ የሚነሣ፣ ያሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባል ምላሽ ነው፤ በተለምዶ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቆይቶ በማንቀጥቀጥ ይጀምራል። ነርሷ ከአጠገቡ አትለይም፤ አስተኝታ ፈሳሽ ትሰጣለች፣ ሰውነቱን ታቀዘቅዛለች፣ ግፊቱን ደጋግማ ትለካለች፣ ሐኪም ትጠራለች። ሽንት ቤት ብቻውን እንዲሄድም አትፈቅድም፤ ድንገት ሲነሣ ሊወድቅ ይችላል። ልብሱን በፈላ ውኃ መቀቀልና አብረውት ያደሩትን መፈለግም የዚሁ ሥራ ክፍል ነው።

ዘዴው የሚበላሸው በአስተማሪው በኩል ነው። ዝምታው ሲረዝም ራሱ ይመልሳል፤ ወይም ትክክል ሲባል ፊቱ ይፈካል፣ ተማሪዎችም ታሪኩን ትተው ፊቱን ያነባሉ። ሌላው ስሕተት እያንዳንዱ ወረቀት የመጀመሪያውን ግምት ብቻ እንዲያጸና አድርጎ መጻፍ ነው። ይህን ለማወቅ የተማሪዎቹን ጽሑፎች በቅደም ተከተል ማስተያየት ይበቃል፤ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ወረቀት የጥርጣሬያቸው ዝርዝር ካልተለወጠ ወረቀቶቹ ምንም አላስተማሩም። ታሪኩ ከአምናው ክፍል ወደ ዘንድሮው ስለሚወራም፣ ልምድ ያላቸው አስተማሪዎች ሁለተኛ መጨረሻ ያዘጋጃሉ፦ ያው ወጣት፣ ያው ቅማል፣ ደሙ ግን ወባ ያሳያል።