ሬት ሊሚተር በሲስተም ዲዛይን ቃለ መጠይቅ

ሬት ሊሚተር (የጥያቄ ፍጥነት ገዳቢ) ማለት አንድ ደንበኛ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ ሰርቨር የሚልካቸውን ጥያቄዎች ብዛት የሚገድብ የሶፍትዌር ክፍል ነው። ገደቡን ያለፈ ጥያቄ ወደ ዋናው ፕሮግራም ሳይደርስ ይመለሳል፤ ላኪውም ቁጥሩ 429 የሆነ የኤችቲቲፒ ምላሽ ይደርሰዋል። ይህ ምላሽ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው RFC 6585 የተደነገገ ሲሆን፣ `Retry-After` በሚለው ራስጌ ደንበኛው ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንዳለበት አብሮ ሊነገረው ይችላል።

የሶፍትዌር መሐንዲሶች በሚቀጠሩበት የሲስተም ዲዛይን ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ክፍል ደጋግሞ ይነሣል። ፈተናው ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እያንዳንዱ ተጠቃሚ በደቂቃ ከ100 ጥያቄ በላይ እንዳይልክ የሚያደርግ ሥርዓት ንደፍ»። ተፈታኞች በአብዛኛው ከሁለት ዘዴዎች አንዱን ይመርጣሉ፤ እነሱም ቶከን በኬት (የቶከን ባልዲ) እና ስላይዲንግ ዊንዶው ቆጣሪ (የተንሸራታች መስኮት ቆጣሪ) ናቸው። ብዙ ጊዜ «ቶከን በኬት ድንገተኛ ጎርፍ ይፈቅዳል፣ ስላይዲንግ ዊንዶው ግን ትክክለኛ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑ ከታች በቁጥር ይታያል።

## «በደቂቃ 100» የሚለው ሁለት ትርጉም

ዓረፍተ ነገሩ ቀላል ቢመስልም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊል ይችላል። አንደኛው ጥብቅ ትርጉም ነው፤ ከየትም ጀምረን 60 ተከታታይ ሰከንዶችን ብንወስድ በውስጣቸው ከ100 በላይ የተፈቀደ ጥያቄ አይገኝም። ሁለተኛው የአማካይ ትርጉም ነው፤ ጊዜው ሲረዝም ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 አይበልጥም፣ በመሃል ግን ትንሽ መብለጥ ይቻላል። ጠያቂው የትኛውን እንደፈለገ ሳይታወቅ የሚመረጥ ዘዴ በዕድል የተመረጠ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በቀላሉ መንገድ፣ ማለትም በየደቂቃው መጀመሪያ ከዜሮ በሚነሣ ቆጣሪ ላይ ነው። አንድ ሰው በደቂቃው 59ኛ ሰከንድ 100 ጥያቄ ልኮ፣ አዲሱ ደቂቃ ሲጀምር ሌላ 100 ቢልክ ሁሉም ያልፋሉ። ቆጣሪው ሕጉን አክብሯል፤ ሰርቨሩ ግን በሁለት ሰከንድ ውስጥ 200 ጥያቄ ተቀብሏል። ሁለቱ ዘዴዎች የተፈለጉት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

## ቶከን በኬት

ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ባልዲ እንዳለው ይታሰባል። ባልዲው የተወሰነ ያህል ቶከን ይይዛል፤ አዳዲስ ቶከኖችም በቋሚ ፍጥነት ይገቡበታል። አንድ ጥያቄ ሲመጣ አንድ ቶከን ይወስዳል፤ ቶከን ከሌለ ጥያቄው ይመለሳል። ባልዲው ሲሞላ ተጨማሪው ይፈሳል።

በተግባር ቶከን የሚጨምር ሰዓት ቆጣሪ ከበስተጀርባ አይሠራም። የሚቀመጡት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ የቀረው ቶከን እና መጨረሻ የተሰላበት ጊዜ። ጥያቄ ሲመጣ ባለፈው ጊዜ ሊገባ ይገባ የነበረው ቶከን በአንድ ጊዜ ይታሰባል፦

```python
tokens = min(cap, tokens + (now - last) * rate)
last = now
if tokens >= 1:
    tokens -= 1
    return True
return False
```

ለምሳሌ ባልዲው 10 ቶከን የሚይዝ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 1.5 ቢሆን፣ በውስጡ 4 ቶከን የነበረው ተጠቃሚ ከ6 ሰከንድ በኋላ ሲመለስ 9 ይጨመርለታል። ድምሩ 13 ቢሆንም ባልዲው የሚይዘው 10 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት አለ፤ ቶከኑን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ ማስቀመጥ። በዚሁ ፍጥነት በየግማሽ ሰከንዱ የሚመጣ ደንበኛ በእያንዳንዱ ጊዜ 0.75 ቶከን ያገኛል። ይህ ወደ 0 ከተቆረጠ እና `last` ደግሞ ወደ አሁኑ ጊዜ ከተሻሻለ፣ ባልዲው አንዴ ባዶ ከሆነ በኋላ ደንበኛው መላኩን ካላቆመ በቀር አይሞላም። ምልክቱ ግራ ያጋባል፤ ዝም ብሎ የቆየ ደንበኛ ያልፋል፣ በትጋት የሚሞክረው ግን ሁልጊዜ 429 ይደርሰዋል። ስለዚህ ክፍልፋዩ እንዳለ መቀመጥ አለበት።

## ስላይዲንግ ዊንዶው ቆጣሪ

ይህ ዘዴ ሁለት ቆጣሪዎችን ይይዛል፤ አንዱ ያለፈውን ደቂቃ፣ ሌላው የያዝነውን ደቂቃ ይቆጥራል። ባለፉት 60 ሰከንዶች የተፈቀደው ብዛት የሚገመተው ያለፈውን ደቂቃ ቁጥር በከፊል በመውሰድ ነው። `t` ከያዝነው ደቂቃ ያለፈው ሰከንድ ነው፦

```
estimate = prev * (60 - t) / 60 + curr
```

ባለፈው ደቂቃ 84 ጥያቄ ተፈቅዶ፣ በያዝነው ደቂቃ 15 ሰከንድ አልፎ 36 ቢፈቀድ፣ ግምቱ 84 × 0.75 + 36 = 99 ይሆናል። አንድ ጥያቄ ብቻ ያልፋል፤ ወዲያው የሚከተለው ይመለሳል።

ቀመሩ ያለፈው ደቂቃ ጥያቄዎች በደቂቃው ውስጥ እኩል ተበታትነው እንደመጡ ያስባል። 84ቱ ሁሉም በመጨረሻዎቹ 10 ሰከንዶች የመጡ ከሆነ ግን ትክክለኛው ብዛት 99 ሳይሆን 120 ነው። ሁሉም በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች የመጡ ከሆነ ደግሞ 36 ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው ገና 64 ሲቀረው ይከለከላል። ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ይህን ዘዴ እንደሚጠቀም ሲገልጽ፣ ከ270,000 ምንጮች በመጡ 400 ሚሊዮን ጥያቄዎች ላይ በስሕተት የተፈቀዱት ወይም የተከለከሉት 0.003 በመቶ እንደሆኑ አስታውቋል። ይህ የተለመደ ትራፊክ ውጤት ነው፤ ሆን ብሎ ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚሆን አይነግረንም።

## አንዱ ደንበኛ በሁለቱ ፊት

ለማነጻጸር ገደቡን 100 በደቂቃ እናድርገው። ቶከን በኬቱ 100 ይይዛል፣ በደቂቃም 100 ቶከን ይገባበታል። ለረጅም ጊዜ ዝም ያለ ደንበኛ በድንገት 100 ጥያቄ ይልካል፤ ከዚያም ያለማቋረጥ ይሞክራል።

ሁለቱም ዘዴዎች የመጀመሪያዎቹን 100 ያሳልፋሉ። ስለዚህ «ስላይዲንግ ዊንዶው ጎርፍ አይፈቅድም» የሚለው ከዚሁ ላይ ይወድቃል። ልዩነቱ ከጎርፉ በኋላ ያለው ነው።

በቶከን በኬት ባልዲው ባዶ ቢሆንም ወዲያው መሙላት ይጀምራል፤ በየ0.6 ሰከንዱ አንድ ጥያቄ ያልፋል። በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በድምሩ ወደ 200 ይጠጋል። ጎርፉ በየትኛው ሰከንድ ቢመጣ ውጤቱ አይለወጥም።

በስላይዲንግ ዊንዶው ግን ሁሉም ነገር በሰዓቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጎርፉ በደቂቃው 1ኛ ሰከንድ ከመጣ የያዝነው ደቂቃ ቆጣሪ 100 ስለደረሰ ቀሪው 59 ሰከንድ ዝግ ነው። አዲሱ ደቂቃ ሲገባም በሩ የሚከፈተው ቀስ በቀስ ነው። ጎርፉ በ59ኛው ሰከንድ ከመጣ ግን ከአንድ ሰከንድ በኋላ አዲስ ደቂቃ ይገባል፤ ያለፈው ደቂቃ ክብደት በየ0.6 ሰከንዱ በአንድ ይቀንሳል፣ በሩም ልክ እንደ ቶከን በኬት ይከፈታል። በአዲሱ ደቂቃ 58ኛ ሰከንድ ላይ 96 ተጨማሪ ጥያቄዎች አልፈዋል። ባለፉት 60 ሰከንዶች የተፈቀደው እንግዲህ 196 ነው።

ማለትም በክፉው አጋጣሚ ሁለቱም ገደቡን ወደ እጥፍ ያደርሱታል። ሁለቱም የደፈኑት በሁለት ሰከንድ 200 የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ነው፤ ትርፉን በደቂቃው ላይ በትነውታል እንጂ አላጠፉትም። ይህን በቃለ መጠይቁ ላይ በቁጥር ማሳየት ከየትኛውም ሥዕል ይልቅ ያሳምናል።

ጥብቅ ትርጉም የተፈለገ ከሆነ ቶከን በኬትን ማጥበቅ ይቻላል። በማንኛውም 60 ሰከንድ የሚያልፈው ቢበዛ የባልዲው መጠን ሲደመር በደቂቃ የሚገባው ቶከን ስለሆነ፣ ባልዲውን 10 እና ፍጥነቱን በሰከንድ 1.5 (በደቂቃ 90) ማድረግ ድምሩን በ100 ያቆመዋል። ዋጋው ግልጽ ነው፤ ተጠቃሚው በረጅም ጊዜ የሚያገኘው በደቂቃ 90 ነው፣ በአንድ ጊዜም ከ10 በላይ መላክ አይችልም። ይህ ጎርፉንና አማካዩን ለየብቻ የማስተካከል ዕድል የቶከን በኬት ዋና ጥንካሬ ነው። የአማዞን ኤፒአይ ጌትዌይም በዚሁ ዘዴ ሲሠራ ሁለቱን እንደተለያዩ ቅንብሮች ያቀርባቸዋል።

## የተከለከለው ይቆጠራል?

በስላይዲንግ ዊንዶው ላይ የከፋው ብልሽት የሚመጣው ከቀመሩ ሳይሆን ከአቆጣጠሩ ነው። ሬዲስን በመጠቀም መጀመሪያ በ`INCR` ጨምሮ ከዚያ ከገደቡ ጋር ማወዳደር ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ይህን ይጽፋሉ። እንዲህ ሲሆን የተመለሱት ጥያቄዎችም ይቆጠራሉ። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚሞክር ደንበኛ በደቂቃ ውስጥ ቆጣሪውን 600 ያደርሰዋል። በቀጣዩ ደቂቃ ያለፈው ቁጥር ብቻውን እስከ 50ኛው ሰከንድ ድረስ ከ100 በታች አይወርድም፤ እስከዚያ ግን ደንበኛው ሌላ 500 ጨምሯል። በሩ ከእንግዲህ አይከፈትም። ምልክቱ በሬዲስ ውስጥ በ`GET` ሲታይ ከገደቡ እጅግ የበለጠ ቁጥር መገኘቱ ነው። ለጥቃት መከላከያ ይህ ሆን ተብሎ ሊመረጥ ይችላል፤ ለተራ ደንበኛ ግን መጀመሪያ ማወዳደር፣ ከተፈቀደ ብቻ መጨመር ይሻላል።

ማወዳደሩና መጨመሩ ሲለያዩ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ቅጽበት 99 አንብበው ሁለቱም ሊያሳልፉ ይችላሉ። ቶከን በኬትም ማንበብ፣ ማስላትና መጻፍ ስላለበት ከዚህ አያመልጥም። የተለመደው መፍትሔ ሥራውን በሙሉ በሬዲስ ውስጥ በሚሠራ አጭር የሉአ ስክሪፕት ማድረግ ነው፤ ስክሪፕቱ እስኪያልቅ ሌላ ትእዛዝ በመሃል አይገባም። ጊዜውንም ከየሰርቨሩ ሳይሆን ከሬዲስ በ`TIME` መውሰድ ይመከራል። አለዚያ ሰዓቱ ወደኋላ የቀረ ሰርቨር `now - last` የሚለውን አሉታዊ አድርጎ ከባልዲው ቶከን ሊቀንስ ይችላል።

## ምርጫ

ገጽ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ብዙ ጥያቄ ለሚልክ የሞባይል መተግበሪያ ቶከን በኬት ይስማማል፤ ጎርፉ የተፈጥሮው ስለሆነ መቅጣት አያስፈልግም። ለብዙ የአይፒ አድራሻዎች በጅምላ ለሚሠራ መከላከያ ስላይዲንግ ዊንዶው ቆጣሪ ጥሩ ነው፤ ያለፈው ደቂቃ ቁጥር አይለወጥም፣ የሚጨመረውም አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው።

ለአንዳንድ ሥራ ግን ሁለቱም አይሆኑም። የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ የሚልክ አገልግሎት በአንድ ስልክ ቁጥር በ10 ደቂቃ ከ3 መልእክት በላይ እንዳይልክ ቢፈለግ፣ እያንዳንዱ ትርፍ መልእክት ገንዘብ ስለሚያስወጣ ግምት አያዋጣም። ገደቡ ትንሽ ስለሆነ ሦስቱ መልእክቶች የተላኩበትን ትክክለኛ ሰዓት መዝግቦ መያዝ በቂ ነው። አዲስ ጥያቄ ሲመጣ ከ10 ደቂቃ በላይ የቆዩት ይሰረዛሉ፤ ሦስት ከቀሩ ጥያቄው ይመለሳል። ይኸው መዝገብ ገደቡ 10,000 ሲሆን በእያንዳንዱ ተጠቃሚ 10,000 ሰዓት ማስቀመጥ ይጠይቃል፤ ለ3 ግን ከሁለቱ ቆጣሪዎች እምብዛም አይበልጥም።