ከካሊ በስተሰሜን የጠፋው መንገድ

ዲሴምበር 20 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ምሽት ላይ ከማያሚ ወደ ኮሎምቢያዋ ካሊ ይበር የነበረው የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራ 965 ከተራራ ጋር ተላተመ። ተሳፍረውበት ከነበሩት 163 ሰዎች የተረፉት 4 ብቻ ናቸው። ቦይንግ 757ቱ ብልሽት አልነበረበትም፤ ሞተሮቹ ይሠሩ ነበር፣ የበረራ አስተዳደር ኮምፒውተሩም የታዘዘውን ሳያዛንፍ ፈጽሟል። ከዚያ ወዲህ የዘለቀው ክርክር ያን ትእዛዝ ያሳሳተው ማን ነው የሚለው ነው።

ኮምፒውተሩ ሥራውን የሚጀምረው ገና መሬት ላይ ነው። አብራሪዎቹ የአውሮፕላኑን ክብደት፣ የሚበሩበትን ከፍታና መንገዱን ያስገቡለታል። መንገዱ በየ28 ቀኑ ከሚታደስ የመረጃ ቋት የሚመዘዙ ነጥቦች ሰንሰለት ነው። ኮምፒውተሩ ነጥቦቹን አያይዞ በካርታው ስክሪን ላይ መስመር ይሥላል፤ ከመነሻው በኋላ አውቶፓይለቱ ይህን መስመር ይከተላል። የቁልቁለቱን ስሌት ደግሞ ከመድረሻው ወደ ኋላ ይሠራዋል፦ ማረፊያው ላይ ምን ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት ያውቃል፣ ቀሪውን ርቀትና ነፋሱን ይደምርበታል፣ ከዚያ መውረድ የሚጀመርበትን ቦታ ይወስናል። ስለዚህ መንገዱ በድንገት ካጠረ አውሮፕላኑ ባለበት ቦታ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ያን ምሽት የሆነውም ይኸው ነው። አብራሪዎቹ የተዘጋጁት ከተማዋን አልፈው ተመልሰው ከደቡብ በኩል ለማረፍ ነበር። ተቆጣጣሪው ግን ከሰሜን በቀጥታ ማረፍ ትችላላችሁ አላቸው። ከማያሚ ዘግይተው ስለተነሡ ሐሳቡን ወደዱት። መንገዱ አጠረ፤ ቶሎ ለመውረድ ስፒድ ብሬኩን፣ ማለትም በክንፉ ላይ የሚነሡትን የፍጥነት መቀነሻ ሳንቃዎች፣ ዘረጉ። በዚያ መሐል ካፒቴኑ ቱሉዋ ከምትባለው ነጥብ ሲደርሱ አሳውቁ መባላቸውን ሳያጤን በቀጥታ ወደ ካሊ የሚል ትእዛዝ አስገባ። ኮምፒውተሩም በደንቡ መሠረት በመካከል ያሉትን ነጥቦች ሁሉ ከመስመሩ አነሣ። ቱሉዋ ከስክሪኑ ጠፋች፤ ሲፈልጓት ግን አልፈዋት ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ሮዞ የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። የወረቀቱ ካርታ መለያው R እንደሆነ ይናገራል። ያንኑ R ሲጽፉ ኮምፒውተሩ ዝርዝር አወጣላቸው፤ የዝርዝሩ የመጀመሪያ ስም ግን ሮዞ አልነበረም። በቦጎታ አቅራቢያ ሮሜዮ የሚባል ጣቢያም በዚያው መለያ ይጠራል። መረጃ ቋቱ R የሚለውን ለሮሜዮ ሰጥቶ ሮዞን ROZO ብሎ በሙሉ ስሙ አስቀምጦት ነበር። በቅርብ ያለው ቀድሞ እንደሚዘረዘር የለመደ አብራሪ የመጀመሪያውን ቢመርጥ አይደንቅም። ምርጫው ጸደቀ፤ አውሮፕላኑም በጨለማው ውስጥ 245 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ሮሜዮ፣ ወደ ምሥራቅ ተጠመዘዘ። አንድ ደቂቃ ያህል በዚያ አቅጣጫ በረረ። አብራሪዎቹ ነገሩ እንዳላማረ ተረድተው ወደ ቀኝ ሲመልሱት ከሸለቆው ወጥተው፣ አሁንም እየወረዱ፣ በተራሮች መካከል ነበሩ።

ኮምፒውተሩ ተራራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ነጥብና ከፍታ ብቻ ነው። የመሬት መቅረብ ማስጠንቀቂያው የጮኸው ከግጭቱ 13 ሰከንድ ያህል ሲቀረው ነው። አፍንጫውን አነሡ፣ ሞተሩን በሙሉ ኃይል ለቀቁ፤ ስፒድ ብሬኩ ግን እንደተዘረጋ ቀረ።

የካሊ ራዳር በ1992 እ.ኤ.አ. በሽምቅ ተዋጊዎች ከወደመ ወዲህ አልተተካም ነበር፤ ስለዚህ መዞራቸውን ከመሬት ያየ ሰው አልነበረም። ተቆጣጣሪው በኋላ ለመርማሪዎች እንደተናገረው፣ የአብራሪዎቹ ጥያቄ ከቦታቸው ጋር እንደማይገጥም ጠርጥሯል፤ ይህን በእንግሊዝኛ አብራርቶ ለመጠየቅ ግን ቋንቋው አላገዘውም።

የኮሎምቢያ መርማሪዎች ዋናውን ጥፋት በአብራሪዎቹ ላይ አደረጉ፤ ማረፉን ትተው መውጣት ነበረባቸው፣ ወይም ግር ሲላቸው ወደ ተራው የሬዲዮ አሰሳ መመለስ ነበረባቸው አሉ። የነጥቦቹን ከስክሪን መጥፋትና የስያሜውን አለመግባባት አጋዥ ምክንያት አደረጉት። ከስብርባሪው የተገኘው የኮምፒውተር ማህደር ወደ ሮሜዮ የሚሄደውን መስመር ይዞ ስለነበር፣ ስለ R ከዚያ ወዲህ የሚጠራጠር አልነበረም። በ2000 እ.ኤ.አ. የማያሚ የጁሪ አባላት ኃላፊነቱን ሲያከፋፍሉ ለአየር መንገዱ 75 በመቶ፣ መረጃ ቋቱን ላዘጋጀው ጄፕሰን 17፣ ኮምፒውተሩን ለሠራው ሃኒዌል 8 በመቶ ሰጡ። ከሪፖርቱ ይልቅ ይህ ክፍፍል ለእውነቱ ይቀርባል። ካፒቴኑ ረዳቱ ሳያረጋግጥለት EXEC የሚለውን ቁልፍ መጫኑ የራሱ ጥፋት ነው፤ የጻፈው ፊደል ግን በእጁ ያለው ካርታ የነገረውን ነበር።

ዛሬ በርካታ መንገደኞችን የሚያጓጉዙ አውሮፕላኖች የምድርን ገጽ በማህደሩ የያዘ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ አላቸው፤ ከፊት ያለውን ተራራ አስቀድሞ በስክሪን ያሳያል። አብራሪዎችም የተለወጠው መስመር በነጭ ነጠብጣብ ሲሣል፣ EXEC ሳይጫን በፊት፣ ወዴት እንደሚያመራ ሁለቱም በካርታው ላይ ያያሉ።